«አንድም ቀን ሰምተሽኝ አታውቂም» ስንባል
(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ቡና እየጠጣን ስንጫወት፣ በብዙዎቻችን ቤት የሚመላለስ አንድ ንግግር እንዳለ ተገነዘብን። «አንድም ቀን ሰምተሽኝ አታውቂም» የሚል ነው። ዛሬ የምናነሣው፣ ባላችን እንዲህ ሲለን የመጀመሪያ መልሳችን ምን ይሁን የሚለውን ነው። ከአባሎቻችን አንዷ ስሟ ሳይጠራ እንድንናገረው የፈቀደችልንን ገጠመኝ እንይ።

ባሏ ማክሰኞ ማታ፣ ታናሽ ወንድሙ ለሕክምና ቅዳሜ ከገጠር እንደሚመጣ ነገራት። እሷ የእቁብ ገንዘብ እየቆጠረች ነበርና ቀና ሳትል «እሺ» አለችው። ቅዳሜ እንግዳው ሲደርስ ቤቱ ተቆልፏል፤ እሷ ለቅሶ ቤት ነበረች። ማታ ባሏ «አንድም ቀን ሰምተሽኝ አታውቂም!» አላት። እሷም «አንተስ? የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ሦስቴ ስነግርህ መቼ ሰማኸኝ?» ብላ መለሰች። ከክፍያው አማቷ ተነሡ፤ ከአማቷ የሠርጉ ድግስ ተነሣ። እንግዳው ሳሎን ተቀምጦ ሁሉንም ይሰማ ነበር። ሲነጋ «የአገር ልጅ ቤት አርፋለሁ» ብሎ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

የክፍያው ነገር እውነት ነበር። ነገር ግን በሂሳብ ሥራ፣ እኛ መቶ ብር ቢኖርብን እሱም መቶ ብር ቢኖርበት አቻችለን እንዘጋዋለን። ቅሬታ እንዲህ አይቻቻልም፤ ሁለቱም ዕዳ ሳይከፈል ይቀራል። የባልና ሚስትን ንግግር ለብዙ ዓመታት ያጠኑት አሜሪካዊው ጆን ጎትማን፣ ትዳርን ከሚጎዱ አራት ልማዶች አንዱ ይህ ራስን ለመከላከል መቸኮል ነው ይላሉ። መድኃኒቱም ከቅሬታው ውስጥ ትንሽም ብትሆን የራስን ድርሻ መቀበል ነው።

እንግዲህ ያንን ማታ እንደገና እናስበው። መጀመሪያ የሚያጠምደን «አንድም ቀን» የሚለው ነው። «ባለፈው ሳምንት ሰምቼህ የለም ወይ?» ብለን ብንከራከር እናሸንፍ ይሆናል፤ የወንድሙ ነገር ግን ይረሳል። ስለዚህ «አንድም ቀን»ን አልፈን የዕለቱን ጉዳይ እንያዝ። «ማክሰኞ ነግረኸኛል። ገንዘብ እየቆጠርኩ እሺ አልኩህ እንጂ ልቤ አልሰማም። ወንድምህ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ አፍረሃል።» እዚህ ላይ እንቁም። «ግን አንተም…» ካልን ያልነው ሁሉ ይፈርሳል።

የገባን መሆኑን በምን እናውቃለን? ያንኑ ቃል ድምፁን ከፍ አድርጎ ከደገመው፣ ገና አልደረስንበትም። ድምፁ ዝቅ ብሎ «እኮ፣ ልጁ እኮ ታሞ ነው የመጣው» ብሎ ከጨመረ፣ የልቡን ማውራት ጀምሯል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር በራሳችን ቋንቋ ውስጥ አለ። «አትሰሚኝም» ማለት ጆሮ አልሰጠሽኝም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያልኩሽን አልፈጸምሽም ማለትም ሊሆን ይችላል። ሳንለየው ከመለስን ሁለታችንም ስለተለያየ ነገር እንጣላለን። «ሳልሰማህ ቀርቼ ነው ወይስ ሳልስማማ?» ብለን በለሰለሰ ድምፅ እንጠይቅ። ጆሮ ነፍገነው ከሆነ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ እንቀበል። ሰምተን ያልተስማማን ከሆነ ግን ይቅርታ የሚያስጠይቅ ጥፋት የለብንም፤ «ያልከው ገብቶኛል፤ የተለየ ሐሳብ አለኝ» ማለት ይበቃል።

ደማችን ከፈላ ደግሞ እነዚህ ቃላት አይወጡልንም። ያን ጊዜ «ግማሽ ሰዓት ስጠኝና ተመልሼ እሰማሃለሁ» ብለን እንነሣ። መመለሻውን ሳንናገር ከወጣን ግን ጥላው ሄደች ይላል። በተናገርነው ሰዓትም እንመለስ።

የትምህርት ቤቱ ክፍያስ? አይቀበርም። የራሱ ቀን ይሰጠዋል። አባላችን ይህን ያደረገችው ከሳምንት በኋላ ነው። መጀመሪያ ስለ ማክሰኞው «እሺ» ብቻ ይቅርታ ጠየቀች፤ ከባሏም ጋር ሄደው እንግዳውን መለሱት። ክፍያውን እሁድ ከቡና በኋላ አነሣችው፤ ባሏም ሳይቋጣ ሰማት። አሁን የእቁብ ገንዘብ ስትቆጥር ሊያናግራት ከመጣ «ይህን ልጨርስና ልስማህ» ትለዋለች።

አንድ ወሰን ግን አለ። «አትሰሚኝም» ከማስፈራራት ወይም ከዱላ ጋር የሚመጣ ከሆነ፣ ይህ የአነጋገር ጉዳይ አይደለም፤ ቃል በማለሳለስም አይፈታም። እንዲህ ያለ ነገር ያለባት እህት ለብቻዋ መልስ አትፈልግ፤ ለምታምናት አባል ትንገር፣ አብረንም ወደሚመለከተው አካል እንሂድ።