በቃላት የቀረበ የሒሳብ ጥያቄ ለስድስተኛ ክፍል ልጆች እንዴት ይሰጣል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከሒሳብ መምህራን አንዱ ያደረጉት ንግግር)



በዚህ በዓል እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፥ ስለ አንድ ጠባብ ነገር ብቻ እንድናገር ይፈቀድልኝ ብዬ ነበር። ይኸውም በቃላት ተጽፎ ስለሚቀርብ የሒሳብ ጥያቄ ነው። 1,350 በ4 አባዛ ሲሉት ወዲያው የሚያባዛ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፥ ያው ሒሳብ በገበያ ወሬ ተጠቅልሎ ሲመጣለት ብዕሩን አስቀምጦ ጣራ ጣራውን ያያል። ጉዳዩን ወደ ኋላ ብከተለው የሚያደርሰኝ ስድስተኛ ክፍል ነው። በከተማችን በአማርኛ በሚያስተምሩት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጁ ሒሳብን በአማርኛ የሚያነብበት የመጨረሻው ዓመት ይኸው ነው፤ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይሆናል። በገዛ ቋንቋው ጥያቄ መፍታት ያልለመደ ልጅ በሌላ ቋንቋ ሲመጣበት ምን ይይዛል?

ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ በአንደኛ ደረጃ ሳስተምር፥ «ይበልጣል ሲል ደምሩ፤ ያንሳል ሲል ቀንሱ፤ እያንዳንዱ ሲል አባዙ» ብዬ በትልልቅ ፊደል ጽፌ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር። ልጆቹ ወደዱት፤ በፈተናም ለጊዜው ማርክ አገኙበት። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ይህን ጥያቄ ሰጠኋቸው።

«በሽሮ ሜዳ አንዲት የሸማ ነጋዴ አንዱን ነጠላ በ1,200 ብር ትሸጣለች። ይህ ዋጋ ከጎረቤቷ ዋጋ በ150 ብር ያንሳል። ጎረቤቷ 4 ነጠላ ብትሸጥ ስንት ብር ታገኛለች?»

ከክፍሉ የሚበዙት 4,200 ብለው ጻፉ። «ያንሳል» የሚለውን አይተው ከ1,200 ላይ 150 ቀነሱ፤ 1,050 አገኙ፤ በ4 አባዙት። ስሌቱ እንከን የለውም። ያነሰው ግን የማን ዋጋ ነው? የመጀመሪያይቱ ነጋዴ ዋጋ ነው፤ እንግዲህ የጎረቤቷ ይበልጣል ማለት ነው። ልጆቹ የታዘዙትን ፈጽመዋል፤ የተሳሳተው የእኔ ግድግዳ ነው። ያን ቀን ወረቀቱን ቀደድሁት።

በአማርኛ አረፍተ ነገር ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ትልልቆቹ ቃላት ብቻ አይደሉም፤ «ከ»፥ «በ» እና «ወደ» የሚባሉት ትንንሾቹ ናቸው። «ከ» ከማን ጋር እንደሚነጻጸር ይናገራል፤ «በ» ልዩነቱ ስንት እንደ ሆነ ይናገራል። «የነጠላው ዋጋ በ900 ብር ቀነሰ» እና «የነጠላው ዋጋ ወደ 900 ብር ቀነሰ» በአንዲት ቃል ብቻ ይለያያሉ፤ 1,200 የነበረው ዋጋ ግን በመጀመሪያው 300 ሲሆን በሁለተኛው 900 ይሆናል። ደግሞም ግሡ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሮቹን እንዳየ ማስላት የሚጀምር ልጅ ወሬው ሳያልቅ ይነሣል።

ዛሬ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የማስተምረው ከሁለት ጥያቄ አይበልጥም። በመጀመሪያ ጥያቄውን በሠሌዳ ላይ እጽፍና ቁጥሮቹን በወረቀት እሸፍናለሁ። ልጆቹ ያነቡታል፤ ከዚያ አንዱ ተነሥቶ በራሱ አነጋገር ይተርከዋል። «ሁለት ነጋዴዎች አሉ፤ አንዷ ከሌላዋ ታረክሳለች» ብሎ የተረከ ልጅ መንገዱን ይዟል። የሚያሰላው ቁጥር ስለሌለ ለማንበብ ይገደዳል። ከዚህ ቀጥሎ የተጠየቀውን ነገር ያሰምሩበታል፤ የመልሱንም መጨረሻ አስቀድመው ይጽፋሉ፤ «ጎረቤቷ ... ብር ታገኛለች» ብለው ባዶ ቦታ ይተዋሉ። ከዚያም ወረቀቱን አንሥቼ ሥዕል እናደርጋለን። ሥዕሉ ሁለት ረጃጅም ሣጥኖች ናቸው፤ አጭሩ 1,200፥ ረጅሙ ከእርሱ በ150 የሚተርፍ። ሥዕሉን ያየ ልጅ 1,350 ለማለት አይቸገርም። ስሌቱ በአራተኛ ደረጃ ይመጣል፤ 1,350 × 4 = 5,400። በመጨረሻ መልሱን ወደ ወሬው እንመልሰዋለን። 5,400 ለ4 ሲካፈል 1,350 ነው፤ 1,200 ከዚህ በ150 ያንሳል ወይ? አዎን፤ ያንሳል።

ይህን የመጨረሻውን ሥራ ልጆች ይዘሉታል፤ መምህራንም ደወል ሲደርስብን እንዘለዋለን። የሚጠቅመው ግን እንደሚከተለው ባለ ጥያቄ ላይ ነው።

«አንድ ሸማኔ ከገዛው ልቃቂት 2/5ኛውን ለጋቢ አዋለ። ከቀረው 1/3ኛውን ለነጠላ አዋለ። 12 ልቃቂት ተረፈው። በመጀመሪያ ስንት ልቃቂት ገዝቶ ነበር?»

የተለመደው ስሕተት 2/5 እና 1/3ን ደምሮ 11/15 ማድረግ ነው። ያን ጊዜ የተረፈው 4/15 ይሆንና መልሱ 45 ይወጣል። 45ን ወደ ወሬው እንመልሰው። ለጋቢ 18 ዋለ፤ 27 ቀረ። የ27 ሲሶ 9 ነው፤ 18 ተረፈ። ጥያቄው ግን 12 ይላል! ልጁ መምህሩ ኤክስ ሳያደርግበት ስሕተቱን በራሱ ያገኘዋል። አሁን ሥዕሉን ያድርግ። ሣጥኑን በ5 እኩል ክፍል ይከፍላል፤ ሁለቱን ለጋቢ ያጠቁራል፤ 3 ክፍል ይቀራል። «ከቀረው» ስለሚል ሲሶው የሚወሰደው ከ3ቱ ነው፤ ይኸውም አንድ ክፍል ነው። የተረፉት 2 ክፍሎች 12 ከሆኑ አንዱ 6፥ አምስቱ 30 ናቸው። ሲፈተሽም ከ30 ለጋቢ 12፥ ከቀረው 18 ለነጠላ 6፥ የተረፈው 12 ይሆናል።

አሁን ለመምህራን አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ ሲሳሳት የተሰናከለበትን ቦታ ሳያውቁ ማስረዳት ድካም ነው። በ1977 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አን ኒውማን የተባሉ አውስትራሊያዊት ያቀረቡት አካሄድ ለዚህ ጠቅሞኛል። የተሳሳተውን ልጅ ለብቻው ጠርቶ በተራ መጠየቅ ነው። አንብብልኝ፤ ምን እንደተጠየቅህ ንገረኝ፤ በምን መንገድ ትሠራዋለህ፤ እስኪ ሥራው፤ መልሱን ጻፍልኝ። መጀመሪያ የተደናቀፈበት ላይ ችግሩ አለ። ማንበብ ላይ ከወደቀ የማባዛት ልምምድ አይረዳውም፤ የእኔ ሣጥን ሥዕልም ቢሆን አይረዳውም፤ የሚያስፈልገው የንባብ ትምህርት ነው። ክፍሉ ብዙ ልጅ ስላለበት ሁሉን በአንድ ቀን መጥራት አይቻልም፤ እኔ በየቀኑ ሁለት ልጅ እጠራለሁ።

መልስን መጻፍም ራሱን የቻለ መሰናክል ነው። 130 ተማሪዎች ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሊሄዱ ነው፤ አንድ አውቶቡስ 45 ይይዛል፤ ስንት አውቶቡስ ያስፈልጋል ብዬ ብጠይቅ፥ «2 ደርሶ ቀሪ 40» የሚል መልስ ይመጣል። አርባዎቹ ልጆች በእግራቸው ሊሄዱ ነው? ባዶ ቦታውን አስቀድሞ የጻፈ ልጅ «3 አውቶቡስ» ይላል።

ለቤት ሥራ ልጆቹ ከቤታቸው ጥያቄ አዘጋጅተው እንዲመጡ አዛለሁ። አንዲት ልጅ ያመጣችው እንዲህ የሚል ነበር፤ «እናቴ በቀን 60 እንጀራ ትጋግራለች። ይህ አክስቴ ከምትጋግረው በ12 ይበልጣል። ሁለቱ በሳምንት ስንት ይጋግራሉ?» የአክስቷ 48፥ የሁለቱ 108 መሆኑን ክፍሉ በሙሉ አወቀ፤ ማንም 72 አላለም። ክርክሩ የተነሣው «በሳምንት» በሚለው ላይ ነው። አንድ ልጅ ተነሥቶ፥ «እሑድም ይጋገራል ወይ?» አላት። ባለ ጥያቄዋ አላሰበችበትም ነበር። በማግሥቱ እናቷን ጠይቃ መጣች፤ እሑድ አይጋገርም። መልሱም 756 መሆኑ ቀርቶ 648 እንጀራ ሆነ።