የተባለው ሁሉ አልተወሰነም
(በጠቅላላ ጉባኤው ዕለት ለአባላት ከተደረገ ንግግር)



በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለቅሶ ላይ ድንኳናችን ማፍሰሱን የማያስታውስ የለም። «ይጠገን ብለን አልነበረም ወይ?» ተባለ። እኛም መዝገቡን ገለጥን። የሚያዝያው ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይላል፦ «ስለ ድንኳኑ ሰፊ ውይይት ተደረገ። ሸራው ስለተቀደደ ክረምት ሳይገባ ይጠገን ተባለ። ለዚሁ 12,000 ብር ወጪ እንዲሆን ተስማማን።»

ማን ይጠግነው? ዝም። ጥፋቱ የጸሐፊው ብቻ አይደለም፤ ሰው እየተናገረ በእጅ የሚጻፍ ነገር እንዲህ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ማስታወሻውን ሳንነካ ከጎኑ ሌላ ወረቀት አሰመርን፦ ውሳኔ፣ የሚሠራ ሥራ፣ ኃላፊ፣ ቀነ ገደብ፣ የመዝገቡ ገጽ።

መጀመሪያ የምናየው ማሰሪያ አንቀጹን ነው። «ተስማማን» ወይም «ተወሰነ» ካለ ውሳኔ ነው። «ተባለ» ግን አንድ ሰው ተናገረ ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሰብሳቢውን ሳንጠይቅ ውሳኔ ብለን አንጽፈውም። «ይጠገን» የሚለው ደግሞ ሥራውን ይናገራል እንጂ ሠሪውን ይደብቃል።

በዚህ መሠረት የድንኳኑ ጉዳይ አንድ ውሳኔና ሁለት ሥራ ሆነ። ውሳኔው የ12,000 ብሩ ወጪ ነው። አንደኛው ሥራ ገንዘቡን መክፈል ነው፤ ይህ በደንባችን የገንዘብ ያዡ ነው። ሁለተኛው ሸራውን ሰፊ ዘንድ ማድረስና ማስመለስ ነው፤ ኃላፊው ባዶ። እዚህ ላይ የዕቃ ያዡን ስም ዝም ብሎ መሙላት ያምራል፤ እኛም ቃጥቶን ነበር። ነገር ግን ያልሰማውን ሥራ በስሙ መጻፍ ጠብ ያመጣል። «አልተሰጠም» ብለን ጽፈን በነሐሴው ስብሰባ አነበብነው፤ ዕቃ ያዡ እዚያው ተቀበለ።

ቀኑም እንደዚሁ ነው። «ክረምት ሳይገባ» ለአንዱ ግንቦት ነው፣ ለሌላው ሰኔ ማለቂያ። ዕቃ ያዡን ጠይቀን «መስከረም 15 ቀን 2017» ብለን ጻፍን። «በቅርቡ» ወይም «በተቻለ ፍጥነት» የሚል ቃል በዚያ ዓምድ አናስገባም።

ይህንን ሥራ ጸሐፊውና አንድ ሌላ የኮሚቴ አባል ስብሰባው በተደረገ በሁለት ቀን ውስጥ አብረው ይሠሩታል። ከዚያ ካለፈ ጸሐፊው ራሱ የገዛ ጽሑፉን ማንበብ ይቸግረዋል፤ 3 ይሁን 8 የማይለይ ብር ሲያጋጥም ደግሞ የምናየው የገንዘብ ያዡን ደረሰኝ እንጂ ግምታችንን አይደለም። ያላለቀው ሁሉ ወደሚቀጥለው ወር ወረቀት ከነመጀመሪያ ቀኑ ይዛወራል፤ ቀኑን ካደስንለት መዘግየቱ አይታይም።

ድንኳኑ መስከረም 12 ተሰፍቶ ገባ። የአግዳሚዎቹ ጉዳይ ግን ዛሬም በኃላፊው ዓምድ «አልተሰጠም» እንደተባለ ነው፤ ከሻዩ በፊት አንድ ሰው ይነሣልን።