«ይታይ» እና «ይፈቀድ»
በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

ዛሬ የምናወራው ስለ ማመልከቻ ነው። አጻጻፉ ያምራል አያምርም የሚለውን እንተወው። ጉዳያችን፣ ጊዜ የሌለው ኃላፊ ወረቀታችንን ገልጦ በአንድ ቃል መልሶ እንዲያሳልፈው ጥያቄው እንዴት መቅረብ አለበት የሚለው ነው።

ቢሮ የተመላለሰች ሁሉ ሂደቱን ታውቀዋለች። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል። ከዚያ ጸሐፊዋ ከሌሎች ጋር በፎልደር አድርጋ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ታኖረዋለች። ኃላፊው አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው መልስ አይጽፍም፤ በራሳችን ወረቀት ኅዳግ ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ሦስት ቃል ጽፎ ይፈርማል። «ደብዳቤው ተመራ» የምንለው ይህንን ነው። በኅዳጉ ላይ «ይፈቀድ» ተብሎ ከተጻፈ ጉዳዩ አለቀ። «አይቻልም» ከተባለም አለቀ፣ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። የሚያደክመን ሦስተኛው ነው፦ «ይታይ»።

«ይታይ» ሁልጊዜ ክፋት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ኃላፊው «ምን እንደምወስን አላገኘሁበትም» ማለቱ ነው። ወረቀቱ ወደ ባለሙያ ይሄዳል፤ ባለሙያው «የትኛው ቤት? እስከ መቼ? ማን ይከፍላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኛ መልሱን ይዘን ስንመጣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው እንባላለን። ጉዳዩ የዞን ከሆነ ደግሞ በደብረ ሲና ሽቅብ ወጥቶ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ደብረ ብርሃን መድረስ ነው። ለአንዲት የሸዋ ሮቢት ሴት ይህ የመኪና ሒሳብና የአንድ ቀን ገበያ ማለት ነው። ስለዚህ «ይታይ» የሚያስብሉትን ጥያቄዎች እኛው ቀድመን መመለስ አለብን።

እስቲ ለምሳሌ አንድ ጉዳይ እንያዝ። ማሾ ሲደርስ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገበያ ያወጣል፣ ዋጋውም ይወርዳል። የአንድ ቀበሌ ሴቶች እህላቸውን አቆይተው ለመሸጥ ፈለጉ እንበል፤ ቀበሌው ደግሞ ባዶ መጋዘን አለው። የተለመደው ማመልከቻ «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» ብሎ ይጀምራል። ማኅበሩ መቼ እንደተመሠረተ፣ ስንት አባል እንዳለው፣ ሴቶች ምን ያህል እንደሚቸገሩ አንድ ገጽ ይተርካል። መጨረሻ ላይ «አስፈላጊው ትብብር ሁሉ እንዲደረግልን በትሕትና እንጠይቃለን» ይላል። ኃላፊው ቅን ሰው ቢሆንም እንኳ ለዚህ «ይፈቀድ» ብሎ ሊጽፍ አይችልም። ምን ይፈቀድ?

ያው ጉዳይ እንዲህ ቢጻፍስ?

«ጉዳዩ፦ የቀበሌውን ባዶ መጋዘን ከኅዳር 1 እስከ ጥር 30 ለማሾ ማከማቻ ለመከራየት ፈቃድ ስለመጠየቅ።

መጋዘኑን በተመኑ መሠረት ኪራይ ከፍለን ለ3 ወር እንድንጠቀምበት ይፈቀድልን። የምናስገባው 60 ኩንታል ማሾ ነው። ጥበቃውንና ጽዳቱን ማኅበሩ ይችላል። ለነቀዝ የጭስ መድኃኒት አንጠቀምም፤ እህሉ አየር በማያስገባ ከረጢት ይቀመጣል። መጋዘኑ እስከ ጥር መጨረሻ ለሌላ ሥራ እንዳልተያዘ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ በጽሑፍ አረጋግጠዋል፤ 1 ገጽ አባሪ አድርገናል። ከተፈቀደ ቁልፉን እርሳቸው በርክክብ ሰነድ ይሰጡናል፤ ጥር 30 በዚያው ሰነድ እንመልሳለን። እህሉ ኅዳር መጀመሪያ ስለሚገባ ውሳኔው እስከ ጥቅምት 20 እንዲደርሰን እንጠይቃለን።»

ኃላፊው ከ«ጉዳዩ» መስመር ብቻ የተጠየቀውን ያውቃል። ቀጥሎ ያሉት ዓረፍተ ነገሮች እያንዳንዳቸው እሱ ሊጠይቅ ያለውን አንድ አንድ ጥያቄ ይዘጋሉ። መጋዘኑ ከመኖሪያ ቤት አጠገብ ከሆነ የጭሱ መድኃኒት ነገር መነሳቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ሳይነሳ መልሰነዋል። የማኅበሩን ታሪክ ግን አልጻፍንም። ኃላፊው ከፈለገ ማኅደራችን ውስጥ ያገኘዋል።

«በነጻ ለምን አልጠየቅንም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። «በነጻ» የምትለዋ ቃል አንዱን ጥያቄ ሁለት ታደርገዋለች። ቤቱን መፍቀድ በአንድ ኃላፊ እጅ ሊሆን ይችላል፤ የመንግሥት ኪራይ መተው ግን ፋይናንስን ይጠይቃል፣ ወረቀቱም ወደዚያ ይሄዳል። ኪራዩ ከከበደን ቅናሹን በሌላ ደብዳቤ እንጠይቃለን፤ ቤቱ ግን አይታሰርም። «መጋዘኑና አንድ ሚዛን ይሰጠን» ማለትም እንደዚሁ ነው፦ «ይፈቀድ» ቢባል የትኛው እንደተፈቀደ ማንም አያውቅም፤ ከሁለቱ አንዱ ካልተቻለም ሁለቱም ይቀራሉ።

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ፈጻሚውን ነው። ቃሉ ከተጻፈ በኋላ ማን ይፈጽመዋል? በንጉሡ ዘመን ጸሐፌ ትእዛዝ የሚባል ሹም ነበረ፤ ሥራው የንጉሠ ነገሥቱን ቃል ተቀብሎ በጽሑፍ ትእዛዝ አድርጎ ማውጣት ነበር። እስከ 1947 ዓ.ም. በዚያ ወንበር የነበሩት ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ከአገሪቱ ኃያላን ሰዎች አንዱ ነበሩ። የቃልና የወረቀት መገናኛ ላይ የተቀመጠ ሰው ኃይል አለው። በእኛ ደብዳቤ ውስጥ ያችን ቦታ የምትይዘው «ቁልፉን እርሳቸው ይሰጡናል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ኃላፊው «ይፈቀድ» ብሎ ሲፈርም ወረቀቱ በቀጥታ ወደ ማን እንደሚሄድ ተጽፎለታል። እሷ ከሌለች ፈቃዱን ይዘን «ለእኔ አልተመራም» የሚል ሰው ደጃፍ እንቆማለን።

ይህ አጻጻፍ የማይሠራበት ቦታም አለ። መሬትና በጀት አንድ ሰው ብቻውን የሚወስናቸው አይደሉም፣ ካቢኔ ይቀመጥባቸዋል። እዚያ ላይ ኃላፊውን «ይፈቀድ» እንዲል መጠየቅ ከሥልጣኑ በላይ መጠየቅ ነው፤ መልሱም ዝምታ ይሆናል። በእጁ ያለውን እንጠይቀው፦ «ጉዳያችን በሚቀጥለው የካቢኔ ስብሰባ አጀንዳ ይያዝልን።» ይህንን በአንድ ቃል ሊመልሰው ይችላል። ሌላው፣ «እስከዚህ ቀን ካልመለሱልን እንደተፈቀደ እንቆጥራለን» የሚለው ነገር ለመንግሥት ቢሮ አይጻፍ። ዝምታ ፈቃድ አይሆንም፤ መጋዘን ከፍተን ብንገኝ የምንጠየቀው እኛ ነን። ደግሞም «ይፈቀድ» ለማስባል ብለን የምንደብቀው ነገር አይኑር። 60 ኩንታል ብለን 200 ብናስገባ ፈቃዱ በዚያው ቀን ይነሳል።

አጋሮቻችን እዚህ ስላላችሁ ስለ እናንተም እንበል። የድርጅት ሥራ አስኪያጅ በስልኩ ላይ መልእክት የሚያነበው መኪና ውስጥ ሆኖ ወይም በሁለት ስብሰባ መሐል ነው። «ስለ ከረጢቱ ጉዳይ ምን አሰቡ?» የሚል መልእክት መልስ የሚሻ ሳይሆን ሐሳብ የሚሻ ነው፤ ስለዚህ ለማታ ይተላለፋል፣ ማታም ይረሳል። «ለከረጢት ከተፈቀደልን ገንዘብ የተረፈውን ለሚዛን መግዣ እናውለው? ጠቅላላው በጀት አይለወጥም፤ ዋጋ ማቅረቢያው ከዚህ ጋር ተያይዟል» ቢባል ግን «እሺ» ወይም «አይሆንም» ይመጣል። መልሱን ከነቀኑ ለገንዘብ ያዥዋ እናስተላልፋለን፤ ኦዲት ሲመጣ የምታሳየው እሱን ነው።

ደብዳቤው ከገባ በኋላ የመዝገብ ቤቱን ቁጥር በራሳችን ግልባጭ ላይ እናስጽፍ። በሦስተኛው ቀን ስንጠይቅ «ያ ደብዳቤያችን» ሳይሆን ቁጥሩን እንጥራ። ጸሐፊዋ ፎልደሩን ገልጣ ኅዳጉን ታየዋለች። «ይታይ» ተብሎ ከሆነ ለማን እንደተመራ ጠይቀን፣ በዚያው ቀን ባለሙያው ዘንድ እንሂድና ያልመለስንለት ጥያቄ የቱ እንደሆነ እንስማ። እሷን ጥያቄ ለሚቀጥለው ደብዳቤ እንጽፋት።