ዴልታና ቴታ፤ የጊዜን ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ የዕለት ሒሳብ



ኦፕሽን የሚባለው ውል ለገዢው መብት እንጂ ግዴታ አይሰጥም። የመግዛት ኦፕሽን የያዘ ሰው እስከ ውሉ ማብቂያ ቀን ድረስ አንድን አክሲዮን አስቀድሞ በተወሰነ ዋጋ ሊገዛ ይችላል፤ ካልተመቸውም ይተወዋል። ለዚህ መብት የሚከፍለው ገንዘብ ከሻጩ ኪስ ይገባል። ገበያው ባለበት ቢቆም መብቱ ከቀን ወደ ቀን እየረከሰ ሄዶ በመጨረሻ ዋጋ ያጣል። ከዚህ የተነሣ በገበያው አካባቢ አንድ አስተሳሰብ ተስፋፍቷል፤ ይኸውም ኦፕሽን የሸጠ ሰው እንደ ቤት አከራይ በየቀኑ ኪራይ ይሰበስባል የሚል ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ አስተሳሰብ የት ላይ እንደሚሳሳት በቁጥር ማሳየት ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት ሁለት መለኪያዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ዴልታ ነው፤ የአክሲዮኑ ዋጋ በ1 ዶላር ሲለወጥ የኦፕሽኑ ዋጋ በስንት እንደሚለወጥ ይናገራል። ሁለተኛው ቴታ ነው፤ ሌላው ነገር ሁሉ ሳይለወጥ አንድ ቀን ሲያልፍ ከኦፕሽኑ ዋጋ ስንት እንደሚቀነስ ይናገራል። ሁለቱም የሚሰሉት ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. ካሳተሙት ቀመር ነው። መደበኛ የአክሲዮን ኦፕሽን የሚሸጥበት የቺካጎ የኦፕሽን ገበያም የተከፈተው በዚያው ዓመት ነበር።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ አክሲዮን በ100 ዶላር ይሸጣል እንበል። ነጋዴው በ100 ዶላር የመግዛት መብት የሚሰጡ፣ ከ30 ቀን በኋላ የሚያበቁ 10 ውሎችን ይሸጣል። እያንዳንዱ ውል 100 አክሲዮን ስለሚይዝ ጠቅላላው 1,000 አክሲዮን ነው። የዋጋው መዋዠቅ በዓመት 20 በመቶ ነው ተብሎ ሲሰላና ወለድ ለቀላልነት ሲተው የኦፕሽኑ ዋጋ ለአንድ አክሲዮን 2.29 ዶላር ገደማ ይሆናል። ነጋዴው በጠቅላላው ወደ 2,290 ዶላር ይቀበላል ማለት ነው። ዴልታው 0.51 ሲሆን ቴታው በቀን ወደ 0.038 ዶላር ነው። በ1,000 አክሲዮን ሲባዛ ጊዜ በየቀኑ 38 ዶላር ያስገኝለታል።

ነገር ግን ዋጋው ቢያሻቅብ ሻጩ ይጎዳል። ይህን ለመከላከል በዴልታው መጠን 511 አክሲዮን ገዝቶ ይይዛል። አክሲዮኑ ጥቂት ሲጨምር በኦፕሽኑ የሚያጣውን በያዘው አክሲዮን ያገኘዋል፤ ሲቀንስም በአክሲዮኑ የሚያጣውን በኦፕሽኑ መርከስ ያካክሰዋል። በዚህ አኳኋን ዋጋው ወደ ላይ ይሂድ ወደ ታች ግድ የሌለው ሆኖ 38ቱን ዶላር በየዕለቱ የሚሰበስብ ይመስላል።

ችግሩ ያለው ዴልታ ራሱ የማይቆም በመሆኑ ነው። በዚህ ምሳሌ አክሲዮኑ በ1 ዶላር በተለወጠ ቁጥር ዴልታው በ0.07 ገደማ ይለወጣል፤ ይህ የለውጥ ፍጥነት ጋማ ይባላል። ዋጋው ሲወጣ የተሸጠው መብት እየከበደ ስለሚሄድ 511ዱ አክሲዮን አይበቃም፤ ነጋዴው በተወደደበት ሰዓት መጨመር አለበት። ዋጋው ሲወርድ ደግሞ የያዘው ስለሚበዛበት በረከሰበት ሰዓት መሸጥ አለበት። ኦፕሽን የሸጠ ሰው መከላከያውን ሲያስተካክል ምንጊዜም በውድ ገዝቶ በርካሽ ይሸጣል። የዚህም ወጪ በዋጋው እንቅስቃሴ ልክ ሳይሆን በእንቅስቃሴው ካሬ ያድጋል። በያዝነው ምሳሌ የ1 ዶላር እንቅስቃሴ ወደ 35 ዶላር፣ የ2 ዶላር እንቅስቃሴ ወደ 139 ዶላር ያስወጣል።

እንግዲህ ሁለቱ መለኪያዎች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ጊዜ በቀን 38 ዶላር ይከፍላል፤ የዋጋ እንቅስቃሴ ደግሞ 35 ጊዜ የእንቅስቃሴውን ካሬ ይወስዳል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት አክሲዮኑ በቀን በ1.05 ዶላር ገደማ ሲንቀሳቀስ ነው። ይህ ቁጥር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የዓመቱ መዋዠቅ 20 በመቶ ለ365 ካሬ ሥር፣ ማለትም ለ19.1 ሲካፈል ይኸው 1.05 በመቶ ይገኛል። ስለሆነም ቴታ ኪራይ ሳይሆን ገበያው እንዲህ ያህል ይንቀሳቀሳል ተብሎ አስቀድሞ የተከፈለ የካሣ ገንዘብ ነው። ሻጩ የሚያተርፈው ገበያው ከተከፈለበት መጠን ያነሰ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው።

የሦስት ቀን ሒሳብ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በመጀመሪያው ቀን አክሲዮኑ ወደ 100.40 ይወጣል። እንቅስቃሴው ትንሽ ስለሆነ ነጋዴው ወደ 32 ዶላር ያተርፋል፤ በመዝጊያው ሰዓትም ዴልታው 0.54 ስለሆነ አክሲዮኑን ወደ 539 ያሳድጋል። በሁለተኛው ቀን ዋጋው ወደ 100.20 ይመለሳል፤ ትርፉ 37 ዶላር ገደማ ነው፤ የያዘውንም አክሲዮን ወደ 525 ይቀንሳል። እስከዚህ ድረስ ኪራይ የሚለው አስተሳሰብ እውነት ይመስላል። በሦስተኛው ቀን ግን አክሲዮኑ በ2.50 ዶላር ዘልሎ 102.70 ላይ ይዘጋል። የያዛቸው 525 አክሲዮኖች 1,310 ዶላር ያህል ያስገኙለታል፤ የሸጠው ኦፕሽን ግን ከ2.31 ወደ 3.81 ገደማ ስለወጣ ወደ 1,490 ዶላር ያሳጣዋል። የዕለቱ ኪሣራ 180 ዶላር ሲሆን፣ ዴልታው 0.70 ስለደረሰም ሌላ 170 ያህል አክሲዮን በተወደደው ዋጋ መግዛት ይኖርበታል። የሦስቱ ቀን ድምር 110 ዶላር ገደማ ኪሣራ ነው።

በዚህ ውስጥ በጥንቃቄ መታየት ያለበት አንድ ነገር አለ። የሦስቱ ቀን እንቅስቃሴ 0.40፣ 0.20 እና 2.50 ነው፤ አማካዩ 1.03 ሲሆን ከ1.05 ያንሳል። አማካዩን ብቻ የሚመለከት ነጋዴ ለምን እንደከሰረ ሊገባው አይችልም። ኪሣራው የመጣው ከካሬው ነው፤ አንድ ትልቅ ቀን የብዙ ጸጥተኛ ቀናትን ገቢ ይበላል። በመሆኑም በየቀኑ በሁለት ዓምድ መዝግቦ መያዝ ይገባል፤ በአንዱ ከጊዜ የተገኘውን፣ በሌላው ዋጋው በመንቀሳቀሱ የጠፋውን። ሁለተኛው ዓምድ ሳምንታት አልፈው ከመጀመሪያው እየበለጠ ከሄደ፣ ኦፕሽኑ ሲሸጥ የተገመተው መዋዠቅ ከእውነተኛው ያነሰ ነበር ማለት ነው።

ይህን ካለመገንዘብ የሚመጣው ጉዳት በታሪክ ታይቷል። በሲንጋፖር የባሪንግስ ባንክ ሠራተኛ የነበረው ኒክ ሊሰን በጃፓን ኒኬይ 225 አመልካች ላይ የመግዛትና የመሸጥ ኦፕሽኖችን በአንድነት ይሸጥ ነበር። ገበያው ጸጥ ባለ ቁጥር ጊዜ ለእርሱ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1995 ዓ.ም. ኮቤ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች፤ ጥር 23 ቀን አመልካቹ በአንድ ቀን ከ1,000 ነጥብ በላይ ወደቀ። ሊሰን የዴልታውን ጉዳት በመቀነስ ፈንታ ገበያው ይመለሳል ብሎ ብዙ የወደፊት ግዢ ውሎችን ጨመረበት። ጉዳቱን በድብቅ ሒሳብ ይሸሽግ ስለነበርም የሚያግደው አልተገኘም። ኪሣራው ከ800 ሚሊዮን ፓውንድ አልፎ ባንኩ በየካቲት ወር ወደቀ። ለውድቀቱ ትልቁን ድርሻ የያዙት የወደፊት ውሎቹ ቢሆኑም፣ የተሸጡት ኦፕሽኖች ሻጩ ትልቅ እንቅስቃሴ እንዳይመጣ ተስፋ የሚያደርግበት ቦታ ላይ አስቀምጠውት ነበር።

ሌላው የተለመደ ስሕተት የጊዜ ዋጋ መመናመን ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ሁልጊዜ ይፈጥናል የሚለው ነው። ይህ እውነት የሚሆነው የውሉ ዋጋ ከገበያው ዋጋ ጋር ሲቀራረብ ነው። የ100 ዶላሩ ኦፕሽን 30 ቀን ሲቀረው በቀን 0.038 ያጣ የነበረው፣ አክሲዮኑ 100 ላይ ቢቆይ 10 ቀን ሲቀረው 0.066 ያጣል። የ105 ዶላሩ ኦፕሽን ግን ሌላ ነው። 30 ቀን ሲቀረው ዋጋው 0.65 ገደማ ሲሆን 10 ቀን ሲቀረው 0.11 ብቻ ይሆናል፤ አብዛኛው ዋጋ በመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት አልቋል። ለዚህች ለቀረችው 0.11 ሲባል ውሉን ይዞ መቆየት ጥቂት ለማግኘት ብዙ ማስያዝ ነው፤ ትንሽ ከፍሎ መልሶ መግዛት የሚሻልበት ጊዜ አለ።

የዚሁ ኦፕሽን ዴልታም ገበያው ሳይነቃነቅ በጊዜ ብቻ ከ0.21 ወደ 0.07 ይወርዳል። ነጋዴው 10 ውል ሸጦ በመጀመሪያ 210 አክሲዮን ገዝቶ ከነበረና ዋጋው ስላልተለወጠ ምንም ሳያስተካክል ከቆየ፣ ከ20 ቀን በኋላ 140 ያህል ትርፍ አክሲዮን ይዞ ይገኛል። መከላከያ የመሰለው ነገር ሳያውቀው ገበያው እንዲወጣ የሚጠብቅ ውርርድ ሆኗል። ከዚህ የምንረዳው ዴልታ በዋጋ ለውጥ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በቀን ብዛትም መመርመር እንዳለበት ነው።

የቁጥሮቹ ወሰንም መታወቅ አለበት። ቴታ የዛሬን ፍጥነት እንጂ የነገን ጠቅላላ አይናገርም። የ100 ዶላሩ ኦፕሽን አንድ ቀን ሲቀረው ቀመሩ በቀን 0.21 ይቀንሳል ይላል፤ ነገር ግን አክሲዮኑ 100 ላይ ከቆመ የቀረው ዋጋ 0.42 በሙሉ ይጠፋል። የአቆጣጠሩም ልዩነት አለ። ዓመቱን በ365 ቀን የሚከፍል ስሌት 38 ዶላር የሚለውን፣ በ252 የገበያ ቀን የሚከፍለው 55 ዶላር ይለዋል፤ እኩል የሚያደርገው እንቅስቃሴም ወደ 1.26 ዶላር ከፍ ይላል። ገንዘቡ ያው ሲሆን የተለወጠው መከፋፈያው ነው። ስለዚህ ነጋዴው የሚጠቀምበት ሠንጠረዥ በየትኛው አቆጣጠር እንደተሠራ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ አለበለዚያ የአንዱን ገቢ በሌላው ወጪ ይመዝናል።

በመጨረሻም ገበያው የሚገምተው መዋዠቅ ከ20 ወደ 25 በመቶ ቢወጣ የ30 ቀኑ ኦፕሽን አክሲዮኑ ሳይነቃነቅ በ0.57 ዶላር ገደማ ይወደዳል፤ ይህም ለሻጩ የ15 ቀን ያህል የቴታ ገቢ ነው። ዴልታና ቴታ ይህን አያሳዩም። በመሆኑም ጊዜን የሚሸጥ ነጋዴ ከመሸጡ በፊት ሦስት ቁጥሮችን በጽሑፍ ያስቀምጥ፤ በቀን የሚያገኘውን፣ ያን ገቢ የሚያጠፋውን የአንድ ቀን እንቅስቃሴ፣ እንዲሁም የዚያ እንቅስቃሴ ሦስት እጥፍ ቢመጣ የሚያጣውን። በምሳሌያችን እነዚህ 38 ዶላር፣ 1.05 ዶላርና ከቴታው ተቀናሽ በኋላ ወደ 300 ዶላር ናቸው። ሦስተኛውን መክፈል የማይችል ሰው የመጀመሪያውን እንደ ገቢ ሊቆጥረው አይገባም።