ከማህተሙ ስር ያለው ጽሑፍ

አንድ ተርጓሚ የልደት ምስክር ወረቀት ፊቱ ዘርግቷል። ሰማያዊው ክብ ማህተም የእናት ስም ላይ፣ የኃላፊው ጥቁር ፊርማ ደግሞ ወረቀቱ የተሰጠበት ቀን ላይ አርፈዋል።

በጥቁርና ነጭ ስካን ቢያደርገው ማህተሙም ፊደሉም ተቀላቅለው ይጠቁራሉ። ስለዚህ በቀለም ስካን ያደርግና በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ሰማያዊውን የቀለም ቻናል ብቻ ይከፍታል። ሰማያዊ ቀለም ሰማያዊ ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ማህተሙ ይፈዛል፤ ጥቁሩ ህትመት ይቀራል። ማህተሙ ቀይ ቢሆን ኖሮ ቀዩን ቻናል ይመርጥ ነበር።

«አልማዝ» የሚለው ስም ወጣ።

ፊርማው ግን ግትር ነው፤ ጥቁር በጥቁር ላይ ሲያርፍ የትኛውም ቻናል አይለየውም። «ጥር 1» ይነበባል፣ ቀጣዩ አሃዝ ተውጧል። 3 ይሁን 8 መገመት የተርጓሚው ሥራ አይደለም፤ በትርጉሙ ላይ «ጥር 1[አሃዙ በፊርማ ተሸፍኗል]» ብሎ ያሰፍራል።