«ካልተኳኳለች» እና «ከተኳኳለ»፦ በኦሃዮ የሥራ ቦታዎች ስለ ሜካፕ ያለው ድርብ መለኪያ

(በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለብዙዎቻችን የግል ምርጫ ይመስላል፤ በፍርድ ቤት መዛግብት ውስጥ ግን ደጋግሞ ይነሣል። እርሱም በሥራ ቦታ መኳኳል ነው። አንዲት ሴት ሳትኳኳል ሥራ ስትገባ «ዛሬ አሞሻል እንዴ?» ትባላለች። ደመቅ አድርጋ ስትቀባ ደግሞ «ሥራ ነው ወይስ ሰርግ?» ይሏታል። ወንድ ትንሽ ኩል ወይም ፓውደር ቢያስነካ ሳቁ ከኋላ ከኋላው ይከተለዋል። እነዚህ ሦስት አስተያየቶች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ በእኔ እምነት ግን ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። የሠራተኛው ፊት የሚመዘነው በሥራው ሳይሆን ሴት ወይም ወንድ ምን መምሰል አለባቸው በሚል አስቀድሞ በተቆረጠ መለኪያ ነው። ይህ መለኪያ እዚህ ኦሃዮ ውስጥ በሕግ የሚያዘው የት ላይ እንደሆነና ከሕግ እጅ የሚያመልጠው የት ላይ እንደሆነ ለማሳየት እሞክራለሁ።

መነሻው የአን ሆፕኪንስ ጉዳይ ነው። ሆፕኪንስ በዋሽንግተን ዲሲ በፕራይስ ዋተርሃውስ የሒሳብና የማማከር ድርጅት ውስጥ ይሠሩ ነበር። በ1982 ለድርጅቱ ሸሪክነት ከታጩት 88 ሰዎች መካከል ሴት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ከአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የ25 ሚሊዮን ዶላር ውል በማስገኘት ረገድ ድርሻቸው ከፍ ያለ ነበር። ሸሪክነቱ ግን ሳይሰጣቸው ቀረ። የሥራ ሰዓታቸውንና የውሉን መጠን የነቀፈ አልነበረም፤ የተነቀፈው ጠባያቸው ነበር። ኃይለኛ ናቸው፣ ወንዳወንድ ናቸው ተባለ። ውሳኔውን እንዲያስረዷቸው የተመደቡት የሥራ ባልደረባም በሚቀጥለው ጊዜ ዕድላቸው እንዲሰፋ አረማመዳቸውን፣ አነጋገራቸውንና አለባበሳቸውን የሴት እንዲያደርጉ፣ ሜካፕ እንዲቀቡ፣ ፀጉራቸውን እንዲሠሩና ጌጥ እንዲያደርጉ መከሯቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 1989 ላይ እንዲህ ባለ የፆታ አመለካከት ላይ ተመሥርቶ እድገት መንፈግ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የሚከለክለው የፆታ አድልዎ መሆኑን ገለጸ። ሆፕኪንስም በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሸሪክ ሆነው ወደ ድርጅቱ ተመለሱ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ወጥመዱን አስተውሉ። ሥራው ኃይለኛ ሰው ይፈልጋል፤ ሴቲቱ ኃይለኛ ስትሆን ደግሞ ያ ጉድለቷ ይሆናል። ሜካፑ ለዚያ «ጉድለት» የታዘዘ መድኃኒት ነበር።

አሁን ወደ ኦሃዮ ልምጣ። በሰሜን ምሥራቅ ኦሃዮ በምትገኘው ሴለም ከተማ ስሚዝ የተባሉ የእሳት አደጋ ሌተናንት ለሰባት ዓመታት ያህል አገልግለዋል። በወንድነት ተመዝግበው የተቀጠሩት እኚህ ሰው ሴትነታቸውን በመልካቸው መግለጥ በጀመሩ ጊዜ ባልደረቦቻቸው «የወንድ ወግ ጎደለዎት» ማለት ጀመሩ። (ሁለቱንም ፆታ የሚያቅፈው «እርሳቸው» የሚለው የአክብሮት አነጋገራችን እዚህ ላይ ትልቅ ባለውለታዬ ነው።) ክሱ እንደሚለው፣ የከተማዋ ባለሥልጣናት ተሰብስበው ስሚዝ ሦስት የሥነ ልቦና ምርመራ እንዲያደርጉ ለማዘዝ ተማከሩ፤ ተስፋቸውም ወይ ሥራውን ራሳቸው እንዲለቁ፣ ወይም ትእዛዙን እምቢ ብለው እንዲባረሩ ነበር። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋው። ኦሃዮን የሚያካልለው የፌዴራል ስድስተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ2004 ክሱ እንዲሰማ ወሰነ። ፍርድ ቤቱ የሰጠው ምክንያት ለእኛ ርዕስ ቁልፍ ነው። ከሆፕኪንስ ጉዳይ በኋላ፣ ቀሚስ አልለበሰችም ወይም ሜካፕ አልቀባችም ብሎ ሴትን የሚበድል አሠሪ የፆታ አድልዎ ፈጽሟል፤ ይህ እውነት ከሆነ ደግሞ ቀሚስ ለበሰ ወይም ሜካፕ ተቀባ ብሎ ወንድን የሚበድል አሠሪም ያንኑ ፈጽሟል አለ። የምንነጋገርበት ድርብ መለኪያ በሁለቱም ጎኑ ከአንድ ሐሳብ ውስጥ ገብቶ የተፈረጀው በዚህ ውሳኔ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ከሲንሲናቲ የመጣው የባርንስ ጉዳይ ለሆፕኪንስ ታሪክ መስተዋት ሆኖለታል። ባርንስ የረጅም ጊዜ የፖሊስ ባልደረባ ሲሆኑ የሳጅንነት ፈተናን አልፈው ማዕረጉን አገኙ፤ ነገር ግን የሙከራ ጊዜውን አላለፉም ተብለው ወደ ቀድሞ ደረጃቸው ተመለሱ። ከሥራ ሰዓት ውጭ በሴትነት ይኖሩ ነበር፤ ቅንድባቸው የተቀረጸ፣ ጥፍራቸው የተሠራ ሲሆን አንዳንድ ቀንም የሜካፕ ወይም የሊፕስቲክ ቅሪት ይታይባቸው ነበር። አለቆቻቸው የሰጡት ምክንያት «የአዛዥነት ግርማ የላቸውም» የሚል ነበር። ባርንስ ግን ሜካፕ መቀባታቸውን እንዲያቆሙና ወንድ ወንድ እንዲሉ እንደተነገራቸው መሰከሩ። ዳኞች ሸንጎው 320,511 ዶላር ፈረደላቸው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም አጸናው።

እነዚህን ሁለት ጉዳዮች ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንደኛዋ እድገት ለማግኘት ሜካፕ እንዲቀቡ ይመከራሉ፤ ሌላው ያገኙትን እድገት ላለማጣት ሜካፕ እንዲተዉ ይነገራቸዋል። በሁለቱም ዘንድ ዋናው ነገር በሌላ ቃል ተሸፍኗል፦ በአንደኛው «የሰው አያያዝ»፣ በሌላው «የአዛዥነት ግርማ»። በሥራ ምዘና ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ስስ ቃል ስታዩ «በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሥራ ላይ የታየ ጉድለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ወደ ፊትና ወደ ልብስ ከሄደ ነገሩ ተገልጧል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሕጉ ሁሉን ዘግቷል ብለን እንዳንዘናጋ አንድ የተሸነፈ ክስ ማየት አለብን። ዳርሊን ጀስፐርሰን በሪኖ፣ ኔቫዳ በሃራስ ካሲኖ ውስጥ ለ20 ዓመት ያህል መጠጥ ቀጂ ነበሩ፤ በሥራቸውም የተመሰገኑ ነበሩ። በ2000 ካሲኖው አዲስ የገጽታ ደንብ አወጣ። ሴት መጠጥ ቀጂዎች ፓውደር፣ የጉንጭ ቀለምና ማስካራ እንዲቀቡ፣ የከንፈር ቀለም ደግሞ ሁልጊዜ እንዳይለያቸው ታዘዘ። ለወንዶች ሜካፕ ተከለከለ፤ ፀጉራቸውን እንዲያሳጥሩና ጥፍራቸውን እንዲቆርጡም ተነገራቸው። ጀስፐርሰን ሜካፕ ክብራቸውን የሚነካ ከመሆኑም በላይ የሰከረና የሚረብሽ ደንበኛን ለማስታገሥ የሚያስፈልጋቸውን መደመጥ እንደሚያሳጣቸው ገልጸው እምቢ አሉ፤ ሥራቸውንም አጡ።

የዘጠነኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2006 በሰፊ ችሎት 7 ለ4 በሆነ ድምፅ ፈረደባቸው። ለወንድና ለሴት የተለያየ ደንብ ማውጣት ብቻውን አድልዎ አይደለም፤ አድልዎ የሚሆነው የአንዱ ሸክም ከሌላው ሲከብድ ነው አለ። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ጀስፐርሰን ሜካፕ ምን ያህል ገንዘብና ጊዜ እንደሚፈጅ የሚያሳይ ማስረጃ በመዝገቡ ላይ አላስገቡም ነበር። ይህ በማንም ዘንድ የታወቀ ነው ብለው ቢያመለክቱም ችሎቱ አልተቀበላቸውም። በሐሳብ ከተለዩት ዳኞች አንዱ ሜካፕ ዋጋና ጊዜ እንዳለው ለማወቅ ማስረጃ አያስፈልግም ብለው ተከራከሩ። እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ፤ የሚጸናው ግን የብዙኃኑ ድምፅ ነው።

ያ ፍርድ ቤት ኦሃዮን አያዝዝም። ቢሆንም የራሳችን ስድስተኛው ፍርድ ቤት በ1977 የወንዶችን ፀጉር ርዝመት ብቻ የሚገድብ የሥራ ደንብን አልነካም ብሎ ነበር፤ የ2004ቱ ውሳኔም ስለ ሴቶች ሜካፕ የተናገረው በምክንያትነት እንጂ በፊቱ ቀርቦ የተከራከረ የሜካፕ ደንብ ስለነበር አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2020 በቦስቶክ ጉዳይ የአለባበስ ደንብን ነገር አልወስንም ብሎ አልፎታል። እንግዲህ አለቃ አንዲትን ሠራተኛ ነጥሎ «ተኳኳይ» ሲላት ሕጉ ጠንካራ ነው፤ ያንኑ ትእዛዝ በደንብ መጽሐፍ ላይ ለሴቶች ሁሉ ሲጽፈው ግን ነገሩ ወደ ሸክም ማመዛዘን ይዞራል። እንግዳ ነገር ነው፤ ግን የምንሠራው ባለው ሕግ ነው።

ስለዚህ ሸክሙን መቁጠር ያስፈልጋል። ለምሳሌ አንዲት የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ለመኳኳል በቀን 20 ደቂቃ ታጠፋለች እንበል። በዓመት 250 የሥራ ቀን ቢኖራት 5,000 ደቂቃ፣ ማለትም 83 ሰዓት ያህል ይሆናል። ይህ ደመወዝ ያልተከፈለበት ከሁለት የሥራ ሳምንት በላይ ነው። የፋውንዴሽን፣ የፓውደር፣ የማስካራና የሊፕስቲክ ደረሰኝ በዚህ ላይ ይደመራል፤ ለጠቆረ ቆዳ የሚስማማውን ቀለም ፍለጋ ሁለትና ሦስት ጊዜ መግዛትም ይኖራል። በአንጻሩ የወንድ ባልደረባዋ ደንብ ምን እንደሚያስወጣው በአጠገቡ ይጻፍ። ጀስፐርሰን የጎደላቸው ይህ አንድ ገጽ ነበር።

ፌዝን በተመለከተ ሕጉ የበለጠ ደካማ ነው። አንድ ቀልድ፣ አንድ ሳቅ ክስ አይሆንም፤ ፌዙ ከፆታ የመጣና የሥራ ቦታውን እስኪያበላሽ የከበደ ወይም የተደጋገመ መሆኑ መታየት አለበት። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ሌላ መልክም አለው። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ኩል አታስነካም፤ ይህን የማያውቅ አለቃ «ፊትሽን አስተካክይ» ሲላት የሚሰማትን ለእናንተ መንገር አያሻኝም። እንዲህ ባለ ጊዜ ምክንያቱን በአጭር ኢሜይል ማሳወቅ ይበጃል፤ አለቃው ካወቀ በኋላ ቢደግመው በማስረጃነት ይቆማል። የተነገረውን ቃል፣ ቀኑንና የሰሙትን ሰዎች በዚያው ዕለት መጻፍም እንዲሁ።

አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜ የተወሰነ ነው። የኦሃዮ ሕግ አራትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ይይዛል፤ የፌዴራሉ ሕግ ግን 15 ሠራተኛ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በትንሽ ሱቅና ምግብ ቤት የምትሠሩ መንገዳችሁ በአመዛኙ የኦሃዮው ነው። ከሚያዝያ 2021 ወዲህ ሠራተኛው ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት ለኦሃዮ ሲቪል መብቶች ኮሚሽን በሁለት ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት፤ ለፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን ያለው ጊዜ ደግሞ 300 ቀን ብቻ ነው። ሁለቱንም መንገድ ክፍት ማድረግ የሚፈልግ በአጭሩ ቀን ይቁጠር።

ከአሠሪዎች የምንጠይቀው ትንሽ ነው። በደንባቸው ውስጥ «ሴቶች» እና «ወንዶች» የሚሉትን ሁለት ዓምዶች አንሥተው በምትካቸው ይህን ይጻፉ፦ «ማንኛውም ሠራተኛ በንጽሕና ይቀርባል። ሜካፕ ግዴታ አይደለም፤ ክልክልም አይደለም። ለምግብ ንጽሕና ወይም ለደኅንነት የሚያስፈልግ ገደብ ካለ ምክንያቱ ተጽፎ በሁሉም ላይ እኩል ይፈጸማል።»