«አንተ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበስከው»

ተመራቂዎች፤

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰው ወድቆ ሲያዩ ብዙዎች ለምን ቆመው ያያሉ? መቼስ ነው ተሯሩጠው የሚያነሡት?

የአሶሳ ገበያ ጢም ብሎ በሞላበት ቀን አንድ ወጣት ድንገት ወድቆ ሲንቀጠቀጥ አስቡ። ሰው ይሰበሰባል። አንዱ «ክብሪት ጫሩለት» ይላል፣ ሌላው «እንዳትነኩት» ይላል፣ ከኋላ ያለው ምን እንደሆነ ለማየት አንገቱን ያሰግጋል። ሠላሳ ሰው ከብቦት ሳለ ልጁን በጎኑ የሚያስተኛው ይጠፋል። ይህን ያየ ሰው «ሕዝቡ ጨክኗል» ብሎ ይሄዳል። እኔ ግን በዚህ ፍርድ አልስማማም፤ የማልስማማበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ኒውዮርክ ውስጥ አንዲት ወጣት ሌሊት መንገድ ላይ ተገደለች። ታላቁ የከተማዋ ጋዜጣ 38 ጎረቤቶች እያዩ ዝም አሉ ብሎ ጻፈ። ቆይቶ ሲመረመር ቁጥሩ የተጋነነ ሆኖ ተገኘ፤ ጋዜጣው ራሱም እ.ኤ.አ. በ2016 ዘገባው ጉድለት እንደነበረበት አምኗል። ይሁን እንጂ ወሬው ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችን አንድ ጥያቄ አስጠየቃቸው፤ ችግሩ የሰዎቹ ልብ ሳይሆን ብዛታቸው ቢሆንስ?

እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ሙከራ እንዲህ ነበር። ተማሪው ብቻውን ክፍል ውስጥ ይቀመጥና በጆሮ ማዳመጫና በማይክሮፎን ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ስለ ትምህርት ቤት ኑሮ ይወያያል። የሚሰማቸው ድምፆች አስቀድመው የተቀዱ መሆናቸውን አያውቅም። ከተናጋሪዎቹ አንዱ በመጀመሪያ ተራው የሚጥል በሽታ እንዳለበት እያፈረ ይናገራል። ተራው እንደገና ሲደርስ አንደበቱ ይተሳሰራል፣ እርዱኝ ይላል፣ ይታፈናል፣ ከዚያ ድምፁ ይጠፋል። ተመራማሪዎቹ ተማሪው ከክፍሉ ወጥቶ እስኪናገር ድረስ ሰዓት ይይዙ ነበር።

ሌላ የሚሰማ የለም ብለው ካመኑት ተማሪዎች 85 በመቶው የበሽተኛው ድምፅ ሳይቋረጥ ተነሥተው ወጡ። ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው ብለው ካመኑት ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ የወጡት 31 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሽታውም ድምፁም ያው ነው፤ የተለወጠው «ሌላም ሰው አለ» የሚለው ሐሳብ ብቻ ነው።

በጣም የሚገርመኝ ግን ሳይወጡ የቀሩት ሁኔታ ነው። ተመራማሪው ሲገባባቸው እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ መዳፋቸው በላብ ርሶ «ልጁ ደህና ነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። እነዚህ ደንታ ቢስ ሰዎች አይደሉም። ለመውጣት ቆርጠው አልተነሡም፣ ለመቅረትም አልወሰኑም፤ በሁለቱ መካከል ተይዘው ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ለሥራ እውነት ነው። ድንገተኛ አደጋ ላይ ግን ሃምሳው ሰው ሎሚውን ሳይነካ ሌላው አንሥቶታል ብሎ ያስባል። ተመራማሪዎች ይህን የኃላፊነት መበተን ይሉታል።

የተበተነውን መሰብሰብ ይቻላል? ቶማስ ሞሪያርቲ የተባለ ተመራማሪ ኒውዮርክ አጠገብ ባለ የባሕር ዳርቻ ይህን ሞክሯል። አንድ ሰው ሬዲዮውን ምንጣፉ ላይ ትቶ ሲሄድ «ሌባ» መጥቶ ያነሣዋል። ባለ ሬዲዮው ከመሄዱ በፊት አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው «ዕቃዬን ጠብቅልኝ» ካለው፣ ከ20 ሰዎች 19ኙ ሌባውን አስቆሙት። እንዲህ ያለ አደራ ካልተሰጣቸው 20 ሰዎች ግን የተነሡት አራት ብቻ ነበሩ። አደራ የተቀበለ ሰው በሌላ ሰው አያመካኝም።

እንግዲህ ወደ ገበያው እንመለስ። እናንተ እዚያ ብትገኙ «ኧረ አንድ ሰው ይርዳው!» ብላችሁ አትጩኹ። «አንድ ሰው» የሚባል ሰው እዚያ የለም። ጣታችሁን ቀስራችሁ «አንተ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበስከው ወንድሜ፣ ባጃጅ አምጣ። እህቴ፣ አንቺ ነጠላሽን አጥፊና ከራሱ ሥር አድርጊለት» በሉ። ራሳችሁ በጎኑ አስተኙት፣ የሚያጋጨውን ነገር አርቁ፣ ሰዓታችሁን እዩ። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ በጉልበትም አትያዙት። ክብሪቱን ተዉት፤ ጭሱ በሽታውን አያስቆምም። መንቀጥቀጡ አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ጊዜ ሳታጠፉ ሆስፒታል ውሰዱት።

ለዚህ ክልል ከሁሉም የሚመዝነው ቀጥሎ የምነግራችሁ ሙከራ ይመስለኛል። እንግሊዝ አገር፣ ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ፣ ማርክ ሌቪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ነው። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎችን ስለ ቡድናቸው ከጠየቋቸው በኋላ ወደ ሌላ ሕንጻ ላኳቸው። መንገድ ላይ አንድ ሯጭ አዳልጦት ይወድቅና ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ይጮኻል። የማንቸስተር ማልያ ከለበሰ ከ13 ሰዎች 12ቱ ረዱት። የሊቨርፑል ማልያ ሲለብስ ግን ከ10 ሰዎች የረዱት ሦስት ብቻ ናቸው። ሌላ ጊዜ ተመሳሳይ ደጋፊዎችን ስለ ቡድናቸው ሳይሆን በጠቅላላ ስለ እግር ኳስ ፍቅር አወያዩአቸው። ያን ጊዜ የማንቸስተር ማልያ ለለበሰው ከ10 ሰዎች ስምንቱ፣ ለሊቨርፑሉም ከ10 ሰባቱ ደረሱለት። ተራ ሸሚዝ ለለበሰው ግን ከዘጠኙ ሁለት ብቻ። ወገን የሚባለው ክበብ በአንድ ውይይት ሰፋ፤ ከሰፋ በኋላም ከውጭ የሚቀር ሰው አልጠፋም።

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በርታውም፣ ጉሙዙም፣ ሺናሻውም፣ ማኦና ኮሞውም፣ ከወሎ በሠፈራ የመጣውም፣ ኦሮሞውና አገውም በአንድ ገበያ የሚገበያዩበት ክልል ነው። መተከል ባለፉት ዓመታት ያየውን ደም መፋሰስ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ነገ አስተማሪ ወይም የጤና ባለሙያ ሆናችሁ ቀበሌ ስትወርዱ፣ የወደቀው ሰው ቋንቋው ከከበቡት የተለየ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ «ይህ የዚህ መንደር እንግዳ ነው፣ የእናንተ ጎረቤት የእገሌ ደንበኛ ነው» ብሎ የሚያስተዋውቅ አንድ ሰው ብዙ ይለውጣል።

ሕዝባችን አይደርስም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ መሬት ተንሸራትቶ ቤተሰቦችን ሲቀብር ጎረቤት ሁሉ በእጁና በአካፋ ለመቆፈር ሮጠ፤ ሁለተኛው ናዳ ከሟቾቹ ብዙዎቹን የወሰደው በዚያ ቁፋሮ ላይ ሳሉ ነው። እዚያ ማንም ሌላውን ሰው አልጠበቀም። የሆነው ነገር ግልጽ ነበር፣ የተቀበሩትም በስም የሚታወቁ ነበሩ። ከሐዘኑ ጋር የምንማረው አለ፤ ከመሮጥ በፊት ቁልቁለቱን ቀና ብሎ ማየት፣ ተራራውን የሚጠብቅ አንድ ሰው በስም መመደብም ሕይወት ያድናል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልቀመጥ። በ1978 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሞንታና ውስጥ ለአንዳንድ ተማሪዎች እንደዚህ ያለ ገለጻ ተሰጠ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሰሙትም ያልሰሙትም ሲያልፉ ግድግዳ ተደግፎ የተዝለፈለፈ ሰው እንዲያዩ ተደረገ፤ አብሯቸው የሚሄደው ሰው ደግሞ ሆነ ብሎ ችላ አለው። ገለጻውን ካልሰሙት 25 በመቶው፣ ከሰሙት 43 በመቶው ቆመው ረዱ። ከሰሙትም ከግማሽ በላይ አልፈው ሄደዋል፤ ከመቶ የተጨመሩት 18ቱ ግን አንድ ንግግር ያቆማቸው ሰዎች ናቸው። ዛሬ እዚህ ስቆም ያሰብኳቸው እነሱን ነው።